በአክሲዮን በሚከፈል ውህደት ሂሳቡ አልገጥም ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አንድ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ ክፍያው ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው። ክፍያው የገዢው አክሲዮን ሲሆን ግን ኤክሴሉ ላይ ያለው ትርፍና ባለአክሲዮኖች እጅ የሚገባው ትርፍ አይገናኙም። በተለይ የሚያስቸግሩትን ምልክቶች በአንድ ምሳሌ እንያቸው። ከዚህ በኋላ «ሻጩ» ስል የሚሸጠውን ኩባንያ፣ «ሻጮቹ» እና «ገዢዎቹ» ስል ደግሞ የየኩባንያውን ባለአክሲዮኖች ማለቴ ነው።

ገዢው 10 ሚሊዮን አክሲዮን አለው፣ የአንዱ ዋጋ 100 ብር ነው። በድምሩ 1,000 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ሻጩ 5 ሚሊዮን አክሲዮን አለው፣ የአንዱ ዋጋ 40 ብር፣ ድምሩ 200 ሚሊዮን። ሁለቱ ሲዋሃዱ የሚመጣው ተጨማሪ ዋጋ፣ ማለትም ሲነርጂው፣ 100 ሚሊዮን ነው እንበል። ገዢው ለእያንዳንዱ የሻጩ አክሲዮን 52 ብር ያቀርባል። ይህ ከ40 ብሩ የገበያ ዋጋ በላይ 30% ጭማሪ፣ ማለትም ፕሪሚየም ነው፤ በገንዘብ 60 ሚሊዮን ብር። በጥሬ ገንዘብ ቢከፈል ሻጮቹ 60፣ ገዢዎቹ ደግሞ የቀረውን 40 ሚሊዮን ይወስዳሉ።

ምልክት፦ የገዢው ትርፍ 40 መሆን ሲገባው 31.75 ሆነ

ብዙዎች የልውውጥ ምጣኔውን፣ ማለትም ለአንድ የሻጩ አክሲዮን የሚሰጠውን የገዢውን አክሲዮን ብዛት፣ 52ን ለ100 አካፍለው 0.52 ያደርጉታል። ስለዚህ ለሻጮቹ 2.6 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን ይታተማል። ከውህደቱ በኋላ ያለው ኩባንያ 1,000 + 200 + 100 = 1,300 ሚሊዮን ያወጣል። አክሲዮኑ 12.6 ሚሊዮን ነው። የአንዱ ዋጋ ወደ 103.17 ብር ይሆናል።

አሁን ሻጮቹ የያዙትን አስሉ፦ 2.6 ሚሊዮን በ103.17 ሲባዛ 268.25 ሚሊዮን ነው። የታቀደላቸው 260 ነበር። ልዩነቱ 8.25 ሚሊዮን ከገዢዎቹ ወደ እነሱ ፈሰሰ። «30% ፕሪሚየም ከፈልን» ተብሎ የተነገረው በተግባር 34% ሆነ።

ምክንያቱ አክሲዮኑ የተተመነው ከውህደቱ በፊት ባለው ዋጋ መሆኑ ነው። ሻጮቹ ግን የሚቀበሉት ከውህደቱ በኋላ ያለውን አክሲዮን ነው፤ ሲነርጂው ራሱ ውስጡ አለበት። ፕሪሚየሙን ወሰዱ፣ ከዚያም ከገዢው ድርሻ ላይ እንደገና ተካፈሉ።

መፍትሄው ከዋጋ ሳይሆን ከድርሻ መነሳት ነው። ሻጮቹ 260 እንዲያገኙ ከተፈለገ ከ1,300ው ስንት እጅ መያዝ አለባቸው?

```
x = 260 / 1300 = 0.20
N = 10 * 0.20 / (1 - 0.20) = 2.5
```

`x` የሻጮቹ ድርሻ ነው፣ `N` አዲስ የሚታተመው አክሲዮን በሚሊዮን። 2.5 ለ5 ሲካፈል ትክክለኛው ምጣኔ 0.50 ነው። የአንዱ ዋጋ 104 ብር ይሆናል፤ ሻጮቹ 260 ይይዛሉ፣ ገዢዎቹ 1,040። 60 እና 40 ተገኘ ማለት ነው። ልዩነቱ 0.02 ብቻ ነው፣ ዋጋው ግን 8 ሚሊዮን ብር።

በዚሁ ቀመር የድርድሩን ወለልና ጣሪያም ማውጣት ይቻላል። ገዢው ምንም የማያተርፍበት ምጣኔ 0.60 ነው። ሻጩ ምንም የማያተርፍበት ደግሞ ወደ 0.364። ድርድሩ ሁሉ በነዚህ መካከል ነው። ከክልሉ የወጣ ምጣኔ ይዞ የመጣ አማካሪ ካያችሁ የሲነርጂ ግምቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የሱ ግምት ከናንተ የተለየ ነው።

ምልክት፦ የሁለቱ ወገን ትርፍ ሲደመር ከሲነርጂው ይበልጣል

ይህ ፈጣን መፈተሻ ነው። የገዢው ትርፍና የሻጩ ትርፍ ተደምሮ ከ100 አንድ ብር ሊበልጥም ሊያንስም አይችልም። ካልገጠመ በአብዛኛው አንዱን ወገን በድሮው ዋጋ፣ ሌላውን በአዲሱ ዋጋ አስልታችኋል። ሁለቱንም በ104 ብር አስሉ።

ሌላው መንስኤ ወሬ ነው። ስምምነቱ ሳይታወጅ ወሬው ወጥቶ የሻጩ አክሲዮን ከ40 ወደ 46 ከወጣ፣ 52 ብር 13% ፕሪሚየም ብቻ ይመስላል። ገዢው የሚከፍለው ግን አሁንም ከ40 በላይ 12 ብር ነው። መነሻው ወሬው ከመሰማቱ በፊት የነበረው ዋጋ ይሁን። አክሲዮኑ በገበያ የማይገበያይ ከሆነ ደግሞ መነሻው ራሱ ግምት ስለሆነ፣ በአንድ ቁጥር ሳይሆን በክልል መስራት ይሻላል።

ምልክት፦ ወረቀት ላይ ሁሉም አትርፏል፣ ገበያው ግን አላመነም

የሚታወቀው ምሳሌ የኮምፒውተር ኩባንያዎቹ ሂውሌት-ፓካርድና ኮምፓክ ናቸው፤ ገዢው ሂውሌት-ፓካርድ ነበር። በመስከረም 2001 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲታወጅ ለአንድ የኮምፓክ አክሲዮን 0.6325 የሂውሌት-ፓካርድ አክሲዮን ሊሰጥ ተስማሙ። ከአዋጁ በፊት የሂውሌት-ፓካርድ ዋጋ 23.21 ዶላር፣ የኮምፓክ 12.35 ነበር። 0.6325 በ23.21 ሲባዛ 14.68 ነው፤ 19% ገደማ ፕሪሚየም። በዓመት 2.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ እንቆጥባለን ተባለ።

በመጀመሪያው የግብይት ቀን ሂውሌት-ፓካርድ ወደ 18.87 ወረደ። ምጣኔው ቋሚ ስለነበር የቀረበው ዋጋም ወደ 11.94 ዶላር ወረደ፣ ከኮምፓክ የቀድሞ ዋጋ በታች። ኮምፓክ ራሱ 11.08 ላይ ዘጋ። ሁለቱም ወረዱ። እንዲህ ሲሆን ገበያው የሚለው «ገዢው ውድ ከፈለ» ብቻ አይደለም። ውድ መክፈል ብቻ ቢሆን የሻጩ ዋጋ ይወጣ ነበር። ሁለቱም ሲወርዱ ገበያው ሲነርጂውን ራሱን አልተቀበለም ማለት ነው።

ስለዚህ የዓመቱን ቁጠባ ወደ ዛሬ ዋጋ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። በኛ ምሳሌ 100ው የመጣው እንዲህ ነው እንበል፦ በዓመት 30 ሚሊዮን ቁጠባ፣ 30% ግብር ሲቀነስ 21፣ ይህ ለዘለቄታው እንደሚቀጥል ተወስዶ በ15% የቅናሽ ምጣኔ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲቀየር 140፣ የማዋሃጃ ወጪ 40 ሲወጣ 100። ቁጠባው በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ሳይሆን በሦስተኛው ቢጀምር 140ው ወደ 106 ይወርዳል፣ ሲነርጂውም ወደ 66። በ0.50 ምጣኔ ሻጮቹ 53 ያገኛሉ፣ ገዢዎቹ ግን ከ40 ወደ 13 ይወርዳሉ። የሁለት ዓመት መዘግየት ብቻ ነው ይህን ያደረገው።

ሲነርጂው ጨርሶ ባይመጣስ? 1,200 ለ12.5 ሲካፈል 96 ብር ነው። ገዢዎቹ 40 ሚሊዮን ይከስራሉ፤ በጥሬ ገንዘብ ቢሆን 60 ነበር። በአክሲዮን መክፈል ስጋቱን ለሻጩ ያጋራል። ሻጩ ሲነርጂውን የሚጠራጠር ከሆነ ጥሬ ገንዘብ የሚመርጠው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ውሉ ላይ ነው። ቋሚ ምጣኔ ከሆነ እንደ ኮምፓክ ፕሪሚየሙ ሊተን ይችላል። ቋሚ ዋጋ ከሆነ የአክሲዮኑ ብዛት ይዋዥቃል፤ በኛ ምሳሌ የገዢው ዋጋ 80 ብር ቢደርስ 52 ብር ለመስጠት 0.65 አክሲዮን ያስፈልጋል። ገዢው «ገበያው ተሳስቷል፣ ዋጋዬ አሁንም 100 ነው» ብሎ ካመነ፣ ይህ ከ0.60 ጣሪያው በላይ ነው። እኔ የምመርጠው መሃለኛውን ነው፦ የገዢው ዋጋ በተወሰነ ክልል ሲንቀሳቀስ 52 ብሩ ይጠበቃል፣ ምጣኔው ግን ከ0.60 እንዳያልፍ በውሉ ይታሰራል፤ የገዢው ዋጋ ከክልሉ በታች ከወረደ ሻጩ መውጣት ወይም እንደገና መደራደር ይችላል።