የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ 2 ጊጋባይት ሲይዝብኝ

ቅጂው 96 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ የሆነ የዋቭ ፋይል ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሰከንድ 96,000 ናሙና፣ እያንዳንዱ 3 ባይት፣ በሁለት ቻናል ሲባዛ በሰከንድ 576,000 ባይት ይመጣል።

ሳምፕል ሬቱን ወደ 48 ኪሎኸርዝ አወረድኩት። መቅዳት የሚቻለው የድምፅ ድግግሞሽ እስከ ሳምፕል ሬቱ ግማሽ ስለሆነ 48ቱ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ያደርሳል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20 ብዙም አያልፍም። ማይኩም አንድ ስለነበር ሞኖ አደረግኩት። ፋይሉ ወደ 518 ሜጋባይት ወረደ፤ በጆሮ ማዳመጫ ሳወዳድር ልዩነት አልሰማሁም።

ቢት ዴፕዙን ግን አልነካሁትም። በ16 ቢት በጣም ዝቅ ብሎ የተቀዳ ንግግር በኋላ ሲጎላ፣ ከስሩ ያለው የሽሽታ ድምፅም አብሮ ሊጎላ ይችላል። ወደ 16 የማወርደው ኤዲቲንጉ አልቆ ለአድማጭ የሚላከውን ፋይል ብቻ ነው።