የሴሚናር ወረቀት በአማርኛ ለማቅረብ ደብዳቤ ስትጽፉ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር የምትማሩ፣ የሴሚናር ወረቀታችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ የእንግሊዝኛ አብስትራክት ልታያይዙ ካሰባችሁ፣ ደብዳቤውን ገና ርዕሱ ሲጸድቅ ስጡ። ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መምህሩ እምቢ ካሉ ሥራው እንደ አዲስ ነው።

ዋናው ነገር ምክንያቱ ነው። «በአማርኛ ይቀለኛል» አትበሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ይህ የችሎታ ማነስ ይመስላል። ምክንያቱን ከመረጃችሁ አውጡት። ለምሳሌ ጥናታችሁ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ላይ ከሆነ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ለተከበሩ መምህሬ፣
ጉዳዩ፦ የሴሚናር ወረቀት በአማርኛ ለማቅረብ ፈቃድ ስለመጠየቅ
ቃለ መጠይቆቹን ያደረግሁት በአማርኛ ነው። ትንተናዬም የሚያተኩረው የቅኔ መምህራኑ ዘረፋን በሚያስረዱበት አነጋገር ላይ ስለሆነ፣ ንግግራቸውን እንዳለ ማቅረብ ያስፈልገኛል። የጥናቱን ጥያቄ፣ ዘዴና ግኝት የያዘ 250 ቃላት ገደማ የእንግሊዝኛ አብስትራክት አያይዛለሁ። ገለጻውንም በእንግሊዝኛ አደርጋለሁ። እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

የገለጻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ያግዛል። አማርኛ የማያነብ ሁለተኛ ገምጋሚ ካለ የመምህሩ ጭንቀት እሱ ነውና። እንዲህ ዓይነት ገምጋሚ መኖሩን አስቀድማችሁ የትምህርት ክፍሉን ጠይቁ። ካለ፣ የምዕራፎቹን አጭር ማጠቃለያም በእንግሊዝኛ ለመጨመር ቃል ግቡ።

አብስትራክቱ ላይ ርዕሱን ብቻ ደግማችሁ እንዳትተዉት። ያገኛችሁትን በግልጽ ጻፉ፤ አማርኛ የማያነበው ሰው ሥራችሁን የሚመዝነው በዚያች አንቀጽ ነው። መምህሩ በቃል «ይሁን» ካሉም ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ በኢሜይል የመጣ አጭር መልስም ይበቃል።