ከዋና በኋላ ቅቤ የማይመልሰው ድርቀት

ምልክቱ፦ ቅዳሜ የዋኘች ልጅ ሰኞ ጸጉሯ እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ቅቤ ይቀባል፤ ለአንድ ቀን ይለሰልስና ተመልሶ ይደርቃል።

ጎንደር ውስጥ ጸጉር እሠራለሁ። ባለፈው ወር አንዲት እናት ሆቴል ገንዳ ውስጥ ዋና የምትማር የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ቅቤው ተበላሽቶ ይሆን?» አለችኝ። ከሹሩባዋ አንዱን ጉንጉን በሞቀ ውሃ አርሼ አሸተትኩት። ከዋኘች ሦስት ቀን አልፏታል፤ የገንዳው ሽታ ግን እዚያው ነበር። እናንተም በዚህ ሞክሩት፤ ጸጉሩ ሲረጥብ ከሸተተ ክሎሪኑ አልወጣም።

ምክንያቱ፦ ክሎሪን የጸጉርን የተፈጥሮ ወዝ አጥቦ ይወስዳል፤ የጸጉሩንም ሽፋን እያሻከረ እላዩ ላይ ይጣበቃል። ሹሩባ ደግሞ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ስለሚቆይ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም። በዚያ ላይ የተቀባ ቅቤ ቆሻሻውን ከመሸፈን በቀር የሚያወጣው ነገር የለም።

መፍትሄው፦ ሹሩባው ይፈታል። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ያኮርፋሉ፤ ሹሩባው ገና የተሠራ ነውና። ጸጉሩ በለብታ ውሃ በደንብ ከታጠበ በኋላ፣ ሁለት ባለ 500 ሚሊግራም የቪታሚን ሲ ክኒኖች ተፈጭተው በአንድ ሊትር ውሃ ይሟሟሉ። ይህ ውሃ ቀስ ብሎ ጸጉሩ ላይ ይፈስሳል፤ ዐይን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ቪታሚን ሲ የቀረውን ክሎሪን ወዲያው ያከሽፋል። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይታጠባል፤ ከዚያ ለስላሳ ሻምፑ፣ ቀጥሎም ኮንዲሽነር። ቅቤ የሚቀባው ጸጉሩ ሲረጥብ መሽተቱን ካቆመ በኋላ ነው።

ከሚቀጥለው ዋና በፊት፦ ደረቅ ጸጉር የገንዳውን ውሃ ይመጥጣል። ስለዚህ አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ይራስ፤ የጠገበ ጸጉር ብዙ አይጠጣም። ከዚያ ጥቂት የኮኮናት ዘይት ይቀባና የሲሊኮን ቆብ ይደረጋል። ዘይት የላስቲክ ቆብን ያበላሻል። ቆብ ውሃን ሙሉ በሙሉ ስለማያግድ ከገንዳ እንደ ወጡ መታጠብ አይቀርም። ቅቤ ተቀብቶ መግባት ግን ገንዳውን ማቆሸሽ ነው።

ለዕረፍት ጅቡቲ ወርዶ ባሕር የገባ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ውሃው ሲተን ጨው ጸጉሩ ላይ ይቀራል፣ እርጥበቱንም ይስባል። ጨው በውሃ ብቻ ይለቃልና ቪታሚን አያስፈልገውም፤ ሳይደርቅ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። የጣና ውሃ ጨዋማ ስላልሆነ ጎርጎራ የዋኘ ይህ አያሳስበው።

የተሰነጠቀ ጫፍ ግን በምንም አይገጥምም። የልጅቱን ጸጉር ሁለት ጣት ያህል ቆረጥኩላት፤ እናቷ ቅር ብሏት የወደቀውን ሰብስባ ይዛ ሄደች።