የሕፃን ትኩሳት፦ «ግንባሩን ስነካው ደህና ነው» እና ሌሎች ስህተቶች

ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ እናቶች ደጋግመው የሚሉኝ ጥቂት ነገሮች አሉ። ብዙዎቹን የእኔም እናት ትላቸው ነበር። ስህተቶቹን በእነሱው አነጋገር ላስቀምጣቸው።

«ግንባሩን ስነካው ብዙም አይሞቅም»

እጅ ያሳስታል። ልብስ ስታጥብ የቆየች እናት እጇ ስለቀዘቀዘ ጤነኛውም ልጅ ያቃጥላታል። ምድጃ ዳር የቆየችው ደግሞ እውነተኛውን ትኩሳት ላታውቀው ትችላለች። ስለዚህ ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር። ዲጂታሉ ይሻላል፤ የመስታወቱ ከተሰበረ ሜርኩሪው ሌላ ጣጣ ነው።

ብብቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ልብስ ሳይሆን ቆዳ እንዲነካ አድርጋችሁ ብብቱ መሃል አስገቡት። ክንዱን ከጎኑ አጣብቃችሁ እስኪጮህ ያዙ። ልጁ ገና ከታጠበ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ ከነበረ ፈታ አድርጉትና ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ለኩ። ብብት ላይ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው። ሰውነቱ ሲሞቅባችሁ ብቻ ሳይሆን ጡት እምቢ ሲል ወይም ያለወትሮው እንቅልፍ ሲያበዛም ለኩ። ቁጥሩን ከነሰዓቱ ጻፉት።

«ክርስትናው ይለፍና እንወስደዋለን»

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። አንድ የ35 ቀን ወንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ክርስትናው አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ድግሱ ተጀምሯል። ማታ ጡት ጀምሮ ይተዋል። ሲለካ 37.9። አያትየው «ከክርስትና በፊት ከቤት አይወጣም» አሉ። ጎረቤት የፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጠች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲለካ ወደ 37.2 ወርዷል። ተኛ። ቤተሰቡ እፎይ አለ።

ጠዋት ለመጥባት አልነቃም። እኛ ጋ ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኗል፤ ለቅሶው ልፍስፍስ ያለ ነው። ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ነበር። በመርፌ በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ዳነ። ክርስትናውም አርባውን አልፎ ተነሣ።

የተሳሳተው የትኛው ነው? ቁጥሩን ትንሽ ነው ብሎ መናቅ፣ ከዚያ ደግሞ ሲወርድ ማመን። ሽሮፑ ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ኢንፌክሽኑን አይነካውም። በዚህ ዕድሜ የደም፣ የሽንት ወይም የማጅራት ገትር ሕመም በትኩሳት ብቻ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ብብቱ ላይ 37.5 ከደረሰ ሽሮፕ ሳትሰጡ፣ ሳይነጋም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ላለውም 38 ከደረሰ እንደዚያው። መንገድ ላይ ጡት አትከልክሉት። ከ35.5 በታች መቀዝቀዝም በዚህ ዕድሜ እንደ ትኩሳቱ አደገኛ ምልክት ነው።

«አንድ ማንኪያ ሰጠሁት»

የየትኛው ማንኪያ? የቤት ማንኪያ አንዱ 3 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው 7 ሊይዝ ይችላል። ደግሞ ፓራሲታሞል የሚሰላው በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም።

የዘጠኝ ወር፣ 8 ኪሎ የምትመዝን ልጅ እንውሰድ። በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይበቃታል። ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም» የሚል ከሆነ 4 ሚሊ ሊትር ስትሰጧት 96 ሚሊ ግራም አገኘች ማለት ነው። ልክ ነው። አሁን እዚያው ቤት ውስጥ ጠብታው አለ እንበል፤ እሱ «በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም» ነው። ያንኑ 4 ሚሊ ሊትር ከጠብታው ብትሰጧት 400 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ከሚገባት አራት እጥፍ ማለት ነው። ሲደጋገም ጉበት ይጎዳል። ጠርሙሱን ሳታነቡ አትክፈቱ። መለኪያው ከጠፋባችሁ ፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቁ።

በየስድስት ሰዓቱ ብታደርጉት አትሳሳቱም። ከአራት ሰዓት በታች አይደገምም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይበልጥም። አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፕም ውስጡ ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን አንድ ላይ አትስጡ። የተኛችን ልጅ ለመድኃኒት አትቀስቅሱ፤ ሽሮፑ ሕመሟን ለማቅለል ነው እንጂ ቁጥሩን የግድ 37 ለማድረግ አይደለም። አስፕሪን ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። አይቡፕሮፌን ስድስት ወር ላልሞላው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም።

«ብርድ እንዳይመታው ሸፍኑት»

ሸፈናችሁት ማለት ሙቀቱ መውጫ አጣ። አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል። በተቃራኒው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚነክሩ አሉ፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ ራሱ ሙቀት ይጨምራል። አረቄ ወይም አልኮል ማሸት ደግሞ በቆዳው ገብቶ ሊመርዘው ይችላል። ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ስድስት ወር ላልሞላው ከጡት ሌላ ውሃ አያስፈልገውም።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው»

ድድ ያሳክካል፣ ለሐጭ ይበዛል። 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ግን ጥርስ አያመጣም። ይህቺ ምክንያት ስንቱን የሳንባ ምች እንደደበቀች! የባሰው ደግሞ «ግግ አለበት» ተብሎ ድዱ ተፍቆ የመጣ ልጅ ነው። ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ ደም እየፈሰሰው፣ አፉ ቆስሎ፣ መጥባት አቅቶት መጣ። ያወጡት ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ነው።

«ሽሮፑ አውርዶለታል፣ ነገ እናያለን»

ከሦስት ወር በላይ ለሆነው ልጅ ከቁጥሩ ይልቅ ሁኔታው ይናገራል። ትኩሳቱ 39 ሆኖ ሲወርድለት የሚስቅና የሚጠባ ልጅ ብዙ ጊዜ እስኪነጋ ይጠብቃል። 38 ሆኖ የማይነቃው ግን አይጠብቅም። መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ስትጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ከወጣበት ወዲያው ውሰዱት።

ትንፋሹን ተኝቶ ሳለ ሆዱን ገልጣችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለ ልጅ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ዕለት ይታይ። ሲተነፍስ ደረቱ ከታች ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ ግን ጊዜ የለም።

ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኙት። ማንኪያም ጣትም አፉ ውስጥ አታስገቡ፤ ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት። ሰዓት እዩ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ቢያቆምም ውሰዱት፤ ካላቆመ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ጉዞ ጀምሩ።

ሌላው የሚረሳ ነገር ወባ ነው። አዲስ አበባ እየኖራችሁ ባለፉት ሳምንታት ዘመድ ጥየቃ አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ ደርሳችሁ ከሆነ ካርድ ክፍል ገና ሳትጠየቁ ተናገሩ። የደም ምርመራው ከጣት ጠብታ ደም ነው፤ ውጤቱም በዚያኑ ዕለት ይደርሳል።