ስልኩ «ድምፅ የለውም»፣ ሚኒባሱ ግን ያወራል

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። ከሚመጡልኝ ብልሽቶች ሁሉ ያሰለቸኝ ይህ ነው፦ ስልኩ ይጠራል፣ ባለቤቱ ያነሳል፣ ምንም አይሰማም። ቤት ሲደርስ ደግሞ ደህና ይሆናል።

አንድ የቢቸና እህል ነጋዴ ይህንኑ ይዘው መጡ። ሌላ ጠጋኝ የጆሮ ድምፅ ማውጫውን ቀይሮ ገንዘባቸውን ተቀብሏል፤ ያወጣው ዕቃ ግን ጤነኛ ነበር። እኔ ዘንድ ቆመው ሳለ ተደወለላቸው። አነሱ፣ ዝም። በዚያው ቅጽበት ደጅ ከቆመው ሚኒባስ ውስጥ «አያ፣ ጤፉን በስንት ቆረጡት?» የሚል ድምፅ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየ።

ከሳምንት በፊት በዚያው መኪና ሲመጡ መዝሙር ለማሰማት ስልካቸውን ከቴፑ ጋር አጣምረው ነበር። ብሉቱዝ አንዴ የተጣመረውን ያስታውሳል፤ አሥር ሜትር ያህል ሲቀርብም ሳይጠይቅ ይገናኛል። ሲያጣምሩ የስልክ ማውጫ ይጋራ የሚለውንም ፈቅደዋል። የቴፑን ማውጫ ስከፍት የደንበኞቻቸው ስም በሙሉ ተደርድሮ አገኘሁት።

ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳትዎ በፊት በጥሪው መካከል ስክሪኑ ላይ የተመረጠውን የድምፅ መውጫ ይዩ። ብሉቱዝ ላይ ከሆነ ስልኩ አልተበላሸም። ከተጣመሩት ዝርዝር ውስጥ ቴፑን መርጠው «Forget» የሚለውን ይንኩ። ብሉቱዙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሲከፈት ተመልሶ ይገናኛል። ከዚያ ሾፌሩን ለምነው ስልክዎን ከቴፑም ያስጠፉ፤ የተቀዳው ማውጫ እዚያው ሊቀር ይችላልና ባዶ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። መዝሙር ማሰማት ካስፈለገ በአንድሮይድ ስልክ ከቴፑ ስም ጎን ያለውን ምልክት ከፍተው ጥሪንና ማውጫን ይዝጉ፣ የሙዚቃውን ብቻ ይተዉ።

ሌላው ቅሬታ መናኸሪያ ውስጥ «ላጣምር» የሚል ጥያቄ እየደጋገመ መምጣቱ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ለሁሉም እንዲታይ ተደርጎ የተረሳ ስልክ ነው። አዳዲሶቹ አንድሮይዶች የብሉቱዝ ገጹ ክፍት ሳለ ብቻ ይታያሉ፤ የቆዩትና ባለቁልፎቹ ግን እስኪዘጉ ድረስ ሊታዩ ይችላሉ። መታየቱን ይዝጉ። የስልኩን ስምም ይቀይሩ፤ የአባትን ስም ጨምሮ ሙሉ ስሙን ለመናኸሪያው ሁሉ የሚያሳይ ሰው ስንቱን አይቻለሁ! ራስዎ ያልጀመሩትን ጥያቄ አይቀበሉ። የሚያውቁት ስም መታየቱ ማረጋገጫ አይደለም፤ ስም ማንም ይቀይራል። ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ከመጣ በሁለቱም ስክሪን ላይ አንድ መሆኑን አይተው ብቻ ይፍቀዱ።

ርካሽ ድምፅ ማጉያ ባልታወቀ ሰው ዘፈን ከጮኸ፣ ያለ ምስጢር ቁጥር የሚጣመር ነው፤ ቀላሉ መፍትሄ ማጥፋት ነው።

የደኅንነት ማሻሻያው ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. በፊት የቆመ አንድሮይድ ካለዎት ደግሞ መታየቱን መዝጋት አያድነውም፤ በዚያ ዓመት ይፋ የሆነው ብሉቦርን የተባለው ቀዳዳ ብሉቱዙ መከፈቱ ብቻ ይበቃዋል። ሲጨርሱ ያጥፉት።