የዶዚሜትር ውጤት ድንገት ሲያሻቅብ፦ ለአሰሪ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለገጣፎ አካባቢ በአንድ የግል ሆስፒታል የምትሰራ የራጅ ባለሙያ ጓደኛ አለችኝ። የሦስት ወር የዶዚሜትር፣ ማለትም ስራ ላይ የምትለብሰው የጨረራ መለኪያ ባጅ፣ ውጤቷ ሲመጣ 4.8 ሚሊሲቨርት ይላል። ከዚያ በፊት የነበሩት ከ0.3 አልፈው አያውቁም። ደነገጠች፤ የዚያኑ ቀን ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመረች። ረቂቁን አብረን አየነው። በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው እዚያው ተሰብስቦ ነበር።

"ከመጠን ያለፈ ጨረራ ገብቶብኛል" ብሎ መጀመር

ባጁ የሚናገረው ባጁ ላይ ስላረፈው ጨረራ ብቻ ነው። ሰውየው ላይም አርፎ እንደሆነ ገና የሚጣራ ነገር ነው። "ከመጠን ያለፈ" የሚለውም አይይዝም። ለጨረራ ሰራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ ሲታይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በአንዱም ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም። 4.8 ይህን አላለፈም። ነገር ግን በዚሁ ከቀጠለ በዓመት 19.2 ይደርሳል። ደብዳቤው ላይ መጻፍ ያለበት ይኸው ነው፦ ገደቡ አልታለፈም፣ ከለመድኩት ውጤት ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ምክንያቱ ይጣራልኝ።

ቁጥሩን ያለ ዝርዝሩ መጻፍ

የባጁን መለያ ቁጥር፣ የተለበሰበትን ጊዜ፣ በሪፖርቱ ላይ Hp(10) እና Hp(0.07) ተብለው የሰፈሩትን ሁለቱንም ቁጥሮች እንዳሉ ይገልብጡ። የመጀመሪያው ወደ ሰውነት ዘልቆ የሚገባውን፣ ሁለተኛው ቆዳ ላይ የሚያርፈውን ይመለከታል። ቀኑ ላይ ይጠንቀቁ። ሪፖርቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 2025 ካለ፣ በእኛ ከታህሳስ 23 እስከ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። "ከጥር እስከ መጋቢት" ብለው ከጻፉ፣ የፈረቃ መዝገቡን የሚያገላብጠው ሰው የተሳሳቱ ቀናት ላይ ያፈጣል።

ራስን የሚያስወቅስ የሚመስለውን መደበቅ

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። ጓደኛዬ ባጇን ከሌድ አፕሮኑ ላይ ሳትፈታ ራጅ ክፍሉ ውስጥ፣ የደረት ራጅ ከሚነሳበት ቋሚ አጠገብ ሰቅላው ትወጣ ነበር። ተረኛው ራጅ ባነሳ ቁጥር ባጁ ይመዘግባል፤ እሷ ግን ቤቷ ናት። ይህን ረቂቁ ላይ ልትጽፈው አልፈለገችም። "ጥፋቱ የራስሽ ነው ይሉኛል" አለች። ስጋቷ ይገባኛል፤ ግን ካልጻፈችው የሚያጣራው ሰው ማሽኑን ሲበረብር ይከርማል። ያልደረሰባት ጨረራም በስሟ ተመዝግቦ ይቀራል።

ሌሎችም መገለጽ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ባጁን ይዘው ሌላ ክሊኒክ ፓርት ታይም ይሰራሉ? ኦፕራሲዮን ክፍል ሲ-አርም ላይ ሲቆሙ ባጁ ከአፕሮኑ ውጪ ነበር ወይስ ከስር? ከውጪ ከሆነ ውጤቱ ሰውነት ላይ ከደረሰው እጅግ ይበልጣል። ለራስዎ ራጅ ሲነሱ ባጁ ደረትዎ ላይ ነበር? የዓመት ፈቃድ የወጡባቸውን ቀናትም ይጨምሩ። እርስዎ በሌሉበትም ባጁ መመዝገቡን ለማሳየት ይረዳሉና።

የማይሆን ነገር መጠየቅ

"ባጁ ዳግም ይነበብልኝ" የሚል አረፍተ ነገር ይበዛል። ባጁ ቲኤልዲ ከሆነ የሚነበበው በማሞቅ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ የያዘው መረጃ አብሮ ይጠፋል። መጠየቅ ያለበት ላቦራቶሪው ከንባቡ ያስቀረው የብርሃን ከርቭ እንዲታይ፣ ማንም የማይለብሰው የኮንትሮል ባጅ ውጤት ከእርስዎ ንባብ ላይ በትክክል መቀነሱም እንዲረጋገጥ ነው። ኦኤስኤል ከሆነ ግን ዳግም ማንበብ ይቻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይነቱን ይጠይቁ።

የደም ምርመራም እንዲሁ። በ4.8 ሚሊሲቨርት የደም ሴል ቆጠራ ላይ የሚታይ ለውጥ የለም፤ ለዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሲቨርት ባንዴ መድረስ አለበት። "ደሟ ደህና ነው" ተብሎ ጉዳዩ እንዲዘጋ ሰበብ ከመሆን አያልፍም። የተጋላጭነት አበል ጥያቄም በሌላ ደብዳቤ ይሁን።

ጓደኛዬ በመጨረሻ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ "የጨረራ ደህንነት ኃላፊው ከፈረቃ መዝገቡ ጋር እንዲያመሳክርልኝ፣ አፕሮኑ በሚሰቀልበት ቦታ ለአንድ ወር የሙከራ ባጅ እንዲሰቀል፣ የማጣራቱ ውጤት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።" የሙከራው ባጅም ከፍ ያለ ንባብ ካሳየ ምክንያቱ መስቀያው ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ዝቅ ካለ ፍለጋው ወደ ሲ-አርሙ ይዞራል።

እርግዝናን ለኋላ ማቆየት

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ የማጣራቱን ውጤት አይጠብቁ። ለጽንሱ የሚፈቀደው እርግዝናው ከተገለጸ በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ 1 ሚሊሲቨርት ገደማ ብቻ ነው። የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ይሁን፤ የስራ ምደባዎም ወዲያው እንዲስተካከል ይጠይቁ።

በእጅ ሰጥቶ መሄድ

ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉት። በእርስዎ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ይመታበት፤ ግልባጭም ለጨረራ ደህንነት ኃላፊው ይድረስ። አዲሱን ባጅ ደግሞ ተናድደው መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። ከስራ ሲወጡ ከአፕሮኑ ይፍቱትና ከራጅ ክፍሉ ውጪ፣ ኮንትሮል ባጁ በሚቀመጥበት ቦታ ያስቀምጡት።