ከዱባይ መልስ የጠበቀኝ የሮሚንግ ሂሳብ

ዱባይ አምስት ቀን ቆይቼ ሐዋሳ ስመለስ የወር የስልክ ሂሳቤ 6,340 ብር ሆኖ ጠበቀኝ። ሌላ ጊዜ 500 ብር ገደማ ነው። እዚያ የሆቴል ዋይፋይ እንጂ ዳታ አልነካሁም፤ ማለቴ፣ ያልነካሁ መስሎኝ ነበር።

ስልኬን ሳየው `Data roaming` በርቷል። ከሆቴሉ ስወጣ ስልኩ በራሱ ወደዚያ አገር ኔትወርክ ይሻገር ነበር። ዳታውን የበላው የፎቶ ባክአፕ ነው። ገበያ ላይ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ሁሉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ይጭናል። በየአፑ ያለውን የዳታ ፍጆታ ስከፍት ቁልጭ ብሎ ታየ።

የስልክ ኩባንያዬ ቅርንጫፍ ሄጄ የእያንዳንዱን ግንኙነት ቀን፣ ሰዓትና ሜጋባይት የያዘ ዝርዝር ጠየቅኩ። «ወንድሜ፣ ተጠቅመሃል እኮ» አለችኝ ልጅቷ። ከፓስፖርቴ ማህተም ጋር ሳስተያየው ግን ዝርዝሩ ላይ ካሉት ግንኙነቶች ሁለቱ አገር ቤት ከገባሁ ከሁለት ቀን በኋላ የተደረጉ ናቸው። የውጭው ኩባንያ መዝገቡን ዘግይቶ ሊልክ ይችላል፤ ግንኙነቱ የተደረገበት ቀን ግን በዚያ አይቀየርም። ቅሬታዬን በጽሑፍ ከማህተሙ ኮፒ ጋር አስገብቼ የማመልከቻ ቁጥር ያዝኩ።

1,120 ብር ተነሳልኝ። ቀሪውን ከፈልኩ፤ ምን ይደረግ፣ ባክአፑ የኔው ጥፋት ነው። አሁን ቦሌ ሳልደርስ `Data roaming` አጠፋለሁ።